የድርጅት ጋዜጣዊ መግለጫን ወደ ዜና መለወጥ

ጋዜጣዊ መግለጫ አንድ ድርጅት ስለራሱ እንዲነገርለት የሚፈልገውን ጉዳይ በዜና መልክ አሰናድቶ ለመገናኛ ብዙኃን የሚልከው ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ መግለጫ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ጥቅምት ወር ላይ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ አንድ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለፔንሲልቬንያ የባቡር ኩባንያ የሚሠራው አይቪ ሊ ስለ አደጋው የኩባንያውን ጽሑፍ ለጋዜጦች በተነ፤ ኒውዮርክ ታይምስም ቃል በቃል አተመው። ስለ አንድ ድርጅት የሚወጣን ዜና ድርጅቱ ራሱ የሚጽፍበት ልማድ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ጽሑፉን ዜና ማድረግ ደግሞ የዜና ክፍሉ ሥራ ነው።

በመግለጫ ውስጥ ያለ ማጋነን ሳይነካ ሲያልፍ ምን እንደሚከተል በቁጥር ያሳየ ጥናት አለ። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ጤና ምርምር ያሰራጯቸውን 462 መግለጫዎች ከታተሙት ዜናዎች ጋር አስተያይተዋል። ከመግለጫዎቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ለአንባቢው የሚሰጡት ምክር ጥናቱ ራሱ ከሚለው የተጋነነ ነበር። መግለጫው ሲያጋንን 58 በመቶ የሚሆኑት ዜናዎችም አብረው አጋነኑ፤ መግለጫው ባላጋነነበት ጊዜ ግን ያጋነኑት ዜናዎች 17 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ዜናው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጋዜጠኛው ከራሱ በሚጨምረው ሳይሆን ሳይነካ በሚያሳልፈው ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት የሚከተለውን አንቀጽ እንውሰድ። የተጻፈው ለማሳያ ነው፤ ኩባንያውም ቁጥሮቹም የእውነተኛ ድርጅት አይደሉም። አጻጻፉን ግን የዜና ክፍል ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

«በዘርፉ ግንባር ቀደም የሆነው አንጋፋው ኩባንያችን በ2017 በጀት ዓመት ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ከቡና ወጪ ንግድ 1.3 ቢሊዮን ብር በማስገኘት ከቀዳሚው ዓመት የ128 በመቶ አስደናቂ ዕድገት ያስመዘገበ ሲሆን፣ በ450 ሚሊዮን ብር ያስገነባውንና በዓመት እስከ 12 ሺህ ቶን የማዘጋጀት አቅም ያለውን እጅግ ዘመናዊ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካ በደማቅ ሥነ ሥርዓት አስመርቋል። ፋብሪካው ለ2 ሺህ ዜጎች የሥራ ዕድል የሚፈጥር ሲሆን የአካባቢውን አርሶ አደር ሕይወትም ሙሉ በሙሉ ይለውጣል።»

መጀመሪያ የሚደረገው ቅጽሎችንና ተውሳከ ግሶችን በእርሳስ መሰረዝ ነው። «አንጋፋው»፣ «ያላሰለሰ»፣ «አስደናቂ»፣ «እጅግ ዘመናዊ»፣ «በደማቅ ሥነ ሥርዓት»፣ «ሙሉ በሙሉ» ይወጣሉ። አንድ ቃል ይውጣ ወይስ ይቆይ ብሎ ለሚያመነታ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ቃሉን የድርጅቱ ተፎካካሪ ቢያነበው «ትክክል ነው» ይላል ወይ? «የታጠበ ቡና»፣ «ሁለተኛው ፋብሪካ»፣ «ጊዜያዊ ሠራተኛ» የሚሉት ተፎካካሪም የሚቀበላቸው ገላጮች ስለሆኑ ይቆያሉ። ቅጽል ሁሉ ጠላት ነው ብሎ እነዚህንም የሚሰርዝ አርታኢ የመግለጫውን መረጃ አብሮ ይጥላል። አንዳንዱ ቅጽል ደግሞ ከመሰረዙ በፊት ጥያቄ ይወልዳል። «ዘመናዊ» ያሉት ምኑን ነው? መልሱ «ፍሬውን በቀለሙ የሚለይ ማሽን ተክለናል» ከሆነ ቅጽሉ ወጥቶ ማሽኑ ይገባል።

በአማርኛ ከነጠላ ቅጽል ይልቅ የሚያስቸግረው ከስሙ በፊት የሚደረደረው ሐረግ ነው። «በዘርፉ ግንባር ቀደም የሆነው ኩባንያ… አስመረቀ» ሲባል የዓረፍተ ነገሩ ዜና «አስመረቀ» የሚለው ነው፤ «ግንባር ቀደም የሆነው» ግን ሁሉም ቀድሞ እንደሚያውቀው ነገር ተሸሽጎ ያልፋል። አድራጊው ያልተጠየቀበት፣ ምንጭ ያልተጠቀሰለት አባባል እንዲህ ነው የሚገባው። መድኃኒቱ ሐረጉን አውጥቶ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ማድረግ ነው፦ «ኩባንያው በዘርፉ ግንባር ቀደም ነው።» እንዲህ ብቻውን ሲቆም በምን መለኪያ፣ ከስንት ላኪዎች መካከል፣ በማን ቆጠራ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። መልስ ከሌለ ይወጣል። «ሲሆን» እየተባለ የተቀጣጠለውም ረጅም ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ መቆረጥ አለበት፤ ገቢውና ፋብሪካው አንዱ የሌላው ምክንያት መስለው የተቀመጡት በ«ሲሆን» ብቻ ነውና።

ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹ ይቀራሉ። ቁጥር ቅጽል ስለማይመስል ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ያልፋል፤ እዚህ አንቀጽ ውስጥ ግን ከሁሉ የሚያሳስተው «128 በመቶ» የሚለው ነው። የቀዳሚው ዓመት ገቢ 570 ሚሊዮን ብር ነበር እንበል። በስሌት ትክክል ነው፦ ከ570 ሚሊዮን ብር ወደ 1.3 ቢሊዮን ብር ማደግ 128 በመቶ ነው። ነገር ግን ቡና የሚሸጠው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ቀን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 570 ሚሊዮኑን በ57 ብናካፍለው 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። የ2017ቱን 1.3 ቢሊዮን በአማካይ 125 ብር ብናሰላው 10.4 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ዕድገቱ 4 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የቀረው የብር መርከስ እንጂ የኩባንያው ጥረት አይደለም።

እዚያ ላይም መቆም አይበቃም። የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ በዚያው በጀት ዓመት እጅግ ንሮ የካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ዋጋው እንዲህ በጨመረበት ዓመት በዶላር 4 በመቶ ብቻ ያደገ ላኪ የላከው ቡና በመጠን ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለድርጅቱ የሚደወልበት የመጀመሪያ ጥያቄ «በሁለቱም ዓመት ስንት ቶን ላካችሁ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ «ኩባንያው 128 በመቶ ማደጉን ገለጸ» ብሎ መጻፍ ምንጭ ጠቅሶ ማሳሳት ነው። ምንጭ መጥቀስ ጸሐፊው የማያምንበትን ነገር ለማሳለፍ ፈቃድ አይሰጥም።

«እስከ 12 ሺህ ቶን» የሚለውም እንዲሁ ነው። «እስከ» የሚል ቃል ያለበት ቁጥር ጣሪያ ነው፤ ፋብሪካው የሚያመርተውን አይናገርም። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ በቀን 40 ቶን፣ ማለትም 400 ኩንታል ነው። ኩባንያው የላከው ቡና በኪሎ 5 ዶላር ተኩል ቢሸጥ 10.4 ሚሊዮን ዶላሩ ከ1,900 ቶን አይዘልም። አቅሙ ከሥራው ስድስት እጥፍ ነው። ይህ ግምት ዜናው ውስጥ አይገባም፤ ግን ጥያቄ ያስነሳል፦ የሌሎች ላኪዎችን ቡና በክፍያ ልታዘጋጁ ነው ወይስ ቡናውን ከየት ልታመጡ ነው? «2 ሺህ የሥራ ዕድል» ሲባል ደግሞ በቋሚነት የተቀጠሩት፣ በግንባታው ጊዜ ሠርተው የሄዱት የቀን ሠራተኞችና በወቅቱ ብቻ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች አንድ ላይ ተደምረው ሊሆን ይችላል። ተለያይተው መጠየቅ አለባቸው። «ተመረቀ» የሚለውም ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም፤ ሪባን ተቆርጦ ኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ፋብሪካ ጥቂት አይደለም።

ስልኩ ሲደወል የሚከተለው መልስ ተገኘ እንበል፦ በ2016 የተላከው 2,100 ቶን፣ በ2017 ደግሞ 1,900 ቶን ነው፤ ፋብሪካው በሙከራ ላይ ሆኖ በጥቅምት ሥራ ይጀምራል፤ ቋሚ ሠራተኞቹ 140 ሲሆኑ የቀሩት በወቅቱ የሚቀጠሩ ናቸው። ዜናው እንዲህ ይወጣል፦

«አንድ ቡና ላኪ ኩባንያ በ450 ሚሊዮን ብር መገንባቱን የገለጸውን የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካ አስመረቀ። ፋብሪካው በሙከራ ላይ ሲሆን በጥቅምት ሥራ እንደሚጀምር የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ተናግረዋል። እንደ ኃላፊዋ ገለጻ 140 ቋሚ ሠራተኞች ተቀጥረዋል፤ ሌሎች 1,860 ሰዎችን በቡና ወቅት በጊዜያዊነት ለመቅጠር ታቅዷል። ኩባንያው በ2017 በጀት ዓመት 1,900 ቶን ቡና ልኮ 1.3 ቢሊዮን ብር ማግኘቱን አስታውቋል። ገቢው በብር ሲሰላ ከቀዳሚው ዓመት ከእጥፍ በላይ ቢሆንም የላከው ቡና በ200 ቶን ቀንሷል። ብር ከዶላር አንጻር የነበረው ዋጋ በሐምሌ 2016 ከተደረገው የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ወርዷል።»

እዚህ ውስጥ ለኩባንያው የሚከፋ ቅጽል የለም፤ የሚያሞግስም የለም። የአርሶ አደሩ ሕይወት መለወጥ የወጣው ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ገና ያልሆነ ነገር ስለሆነና የሚያሳይ ማስረጃ ስላልቀረበ ነው። የ450 ሚሊዮኑ ወጪ በኩባንያው ቃል ብቻ የቆመ ስለሆነ «መገንባቱን የገለጸውን» ተብሎ ተጠቅሷል።

በግሶቹ ላይ የሚሠራው ስህተት በቀላሉ አይታይም። «አስታወቀ»፣ «ተናገረ»፣ «ገለጸ» የተናጋሪውን ቃል ለተናጋሪው ይተዋሉ። «አረጋገጠ» ግን ጋዜጠኛውን ምስክር ያደርገዋል፤ «አስገነዘበ»ም አባባሉን እውነት አድርጎ ይቀበላል። ከእነዚህ የባሰው «ተገለጸ» ነው፤ ማን ገለጸ የሚለውን ይውጠዋል፤ ድርጅቱ ስለራሱ የተናገረው ቃል ከገለልተኛ አካል የመጣ ይመስላል። በሌላ በኩል ገለልተኛ ለመሆን ሲባል ኃላፊዋን «ተናገረች» ማለት አያስፈልግም። «ተናግረዋል» የአማርኛ ዜና የአክብሮት ወግ ነው፤ ለሁሉም እኩል እስከዋለ ድረስ ሙገሳ አይሆንም። ለባለሀብቱ «ተናግረዋል»፣ ለቡና ለቃሚዋ «ተናገረች» ከተባለ ግን ዜናው ወገን ይዟል።

ቅጽል ከዜናው አካል ተባርሮ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚመለስበትም ጊዜ ብዙ ነው። «ይህ ለአገራችን ታሪካዊ ቀን ነው» የሚል የሥራ አስፈጻሚ ጥቅስ በትክክል ተጠቅሷልና ይግባ ይባላል። ጥቅስ ቦታ የሚያገኘው ሌላ የማያውቀውን ነገር ሲናገር ነው፦ ለምን አሁን ገነቡ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ለምን ጥቅምትን መረጡ። መግለጫው ላይ የተጻፈ ጥቅስ ከሰውየው አፍ ያልተሰማ ከሆነም «በመግለጫው ላይ» ተብሎ ይጠቀስ እንጂ «ለጋዜጣችን ተናገሩ» አይባልም። ጥድፊያ እንደነበረ የሚያጋልጠው ምልክት «ኩባንያችን» የሚለው ነው። ይህ ቃል ታትሞ ከወጣ ጽሑፉን ማንም ሳያነበው እንዳለፈ አንባቢው ያውቃል።

የማተሚያ ሰዓት ደርሶ ድርጅቱ ስልክ ካላነሳ ዜናው በሦስት ዓረፍተ ነገር ይወጣል፦ ፋብሪካው መመረቁ፣ ወጪውና የታቀደው አቅም በኩባንያው ቃል፣ እንዲሁም «በሁለቱ ዓመታት የተላከውን የቡና መጠን ለማወቅ ያደረግነው ጥረት እስከ ማተሚያ ሰዓት አልተሳካም» የሚል። የ128 በመቶው ቁጥር ያን ቀን አይገባም። ጥያቄዎቹ በጽሑፍ ለድርጅቱ ይላካሉ፤ ቶኑ በማግስቱ ሲመጣ ሁለተኛው ዜና ይጻፋል።