ስለ መድን፣ ስለ ኤክሰስ እና ስለ ጥንቃቄ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መድን ያለው ሰው ግዴለሽ ይሆናል ማለት፣ መድን የገባነውን ሁሉ አጭበርባሪ ናችሁ ማለት ነው።»

ማጭበርበር ያልደረሰውን አደጋ ደረሰ ብሎ ካሳ መጠየቅ ወይም ንብረትን ሆን ብሎ ማበላሸት ሲሆን፣ የ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆን ተብሎ ለደረሰ ጉዳት መድን ሰጪው ተጠያቂ እንደማይሆን ደንግጓል። የመድን ሰዎች ሞራል ሃዛርድ የሚሉት ግን ወጪውን ሌላ አካል የሚሸፍነው በመሆኑ የባለንብረቱ ጥንቃቄ ቀስ በቀስ መላላቱን ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ባጃጁን በየማታው ለጥበቃ ከፍሎ ግቢ ያሳድር የነበረ ሰው፣ ሙሉ ሽፋን ከገባ በኋላ በሩ ላይ ማሳደር ቢጀምር የዋሸው ነገር የለም፤ ባጃጁ ቢሰረቅ ካሳ ስላለው የጥበቃው ክፍያ እንደ ድሮው አዋጭ ሆኖ አይታየውም። ሕጉ በቸልተኝነት የደረሰን ጉዳት ከሽፋን ስለማያስወጣ፣ ይህን መላላት መግታት ያለበት የውሉ አሠራር ነው።

«የደንገጎን ቁልቁለት በጉም የሚወርድ ሰው ኢንሹራንስ ስላለው ብሎ በሕይወቱ አይቀልድም።»

እውነት ነው፣ አይቀልድም። ሞራል ሃዛርድ የሚታየው ገደል አፋፍ ላይ ሳይሆን፣ ሕይወትን በማያሰጉ ትንንሽ ውሳኔዎች ማለትም መኪናው የት እንደሚያድር፣ በሩ መቆለፉ ተረጋግጦ እንደሆነ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሲነዳ ረዳት ወርዶ እንደሚያይ በመሳሰሉት ነው።

«ኤክሰስ ድርጅቱ ከካሳዬ ላይ የሚበላብኝ ገንዘብ ነው፤ የእኔን አነዳድ የሚለውጠው ነገር የለም።»

ኤክሰስ ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለንብረቱ ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው ድርሻ ነው። ለውጡን ለማየት ሁለት ውሎችን እናነጻጽር። በመጀመሪያው ውል ባለንብረቱ ከእያንዳንዱ ጉዳት 5,000 ብር ይችላል፤ በሁለተኛው የጉዳቱን 10 በመቶ፣ ነገር ግን ከ5,000 ብር ያላነሰ ይችላል። ፓራፋንጎ ተጭሮ ማስጠገኛው 4,000 ብር ቢሆን በሁለቱም ውል ሙሉውን የሚከፍለው ባለንብረቱ ስለሆነ፣ ለትንሽ ግጭት መድን እንደሌለው ሰው ይጠነቀቃል። ጉዳቱ 60,000 ብር ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ሰው ድርሻ በ5,000 ብር ይቆማል፣ የሁለተኛው 6,000 ብር ይሆናል፤ በ200,000 ብር ጉዳት ደግሞ 5,000 እና 20,000 ብር ይሆናሉ።

ልዩነቱ በይበልጥ የሚወጣው ጋራዥ ከተገባ በኋላ ነው። ያንኑ የ60,000 ብር ጥገና የያዘው ሰው «እግረ መንገዱን ያቺን የድሮ ጭረትም ቀቡልኝ» ብሎ 15,000 ብር ቢያስጨምርና ገምጋሚው ባያስተውለው፣ በመጀመሪያው ውል ምንም አይጎዳም፣ በሁለተኛው ግን 1,500 ብር ይጨምራል። ገምጋሚ የቆየ ጭረትን ከዝገቱና በላዩ ከደረቀው አቧራ ይለየዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። በአጭሩ ኤክሰስ ጉልበቱ ድርሻው እስኪሞላ ድረስ ሲሆን፣ በመቶኛ የሚታሰብ መጋራት ግን እስከ ጉዳቱ መጨረሻ ይዘልቃል።

በዚህ ላይ፣ ኪሱ የሚነካውና መሪ የያዘው አንድ ሰው ካልሆኑ ኤክሰሱ አነዳድን የሚደርስበት መንገድ የለውም። ሹፌር ቀጥረው አይሱዙ የሚያሠሩ አንድ የማውቃቸው ባለንብረት ይህን ተረድተው፣ ስድስት ወር ያለ ግጭት ለነዳ ሹፌር የኤክሰሱን ያህል ገንዘብ ይሸልማሉ፤ ከቁጣና ከምክር ይልቅ ይህ እንደሠራላቸው ይናገራሉ።

«ኤክሰስ ከመጣ ወዲህ የካሳ ጥያቄ ቀንሷል፤ ስለዚህ ሰው ተጠንቅቋል።»

ይህ ድምዳሜ የመድን ሠራተኞችን ሳይቀር ያሳስታል። ኤክሰሱ 5,000 ብር ሲሆን የ4,000 ብሩ ጭረት ከመዝገብ ይጠፋል እንጂ ከመንገድ አይጠፋም። ጥንቃቄው መለወጡን ለማወቅ ከኤክሰሱ እጅግ ከፍ ያሉትን፣ ለምሳሌ ከ30,000 ብር በላይ የሆኑትን ጉዳቶች ብቻ ለይቶ፣ የመኪኖቹን ብዛት ግምት ውስጥ አስገብቶና የጥገና ዋጋ መናሩን አስተካክሎ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ማወዳደር ያስፈልጋል።

«በሕክምናም ታካሚው ድርሻ ከከፈለ የሚቀረው አላስፈላጊው ወጪ ነው።»

ከ1974 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ራንድ የተባለው ተቋም ቤተሰቦችን በዕጣ ነጻ ሕክምና ከሚያገኙበት ጀምሮ እስከ ዓመታዊ ጣሪያ ድረስ የወጪውን 95 በመቶ ራሳቸው እስከሚችሉበት ድረስ በተለያዩ ዕቅዶች መድቦ ነበር። ድርሻ የከፈሉት በግልጽ ያነሰ ሕክምና ተጠቅመዋል፤ ነገር ግን የቀነሱት የማያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውንም በተመሳሳይ መጠን ነበር። ለአብዛኛው ሰው ጤና ይህ ያመጣው የጎላ ልዩነት አልታየም፤ ደም ግፊት ያለባቸው ድሆች ግን ግፊታቸው ይበልጥ የተስተካከለው ሕክምናው በነጻ ሲሰጣቸው ነበር።