የተለማማጅ ማጠቃለያ ግምገማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተለማማጅ ያሠራ ኃላፊ ለትምህርት ቤቱ የሚልከውን የግምገማ ቅጽ ሲሞላ የሚላቸው ነገሮችና መልሳቸው እነሆ።

«ሁለት ወር ብቻ ነው የቆየችው፤ ከዚህ በፊትም የትም ሠርታ አታውቅም። ምኗን አይቼ ልመዝናት?»

የቀን መቁጠሪያውን ዘግተው የሥራ መዝገቡን ይክፈቱ። ለምሳሌ በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ልምምድ የወጣች የሆቴል ማኔጅመንት ተማሪ እንውሰድ። ከኅዳር 20 እስከ ጥር 15 ስምንት ሳምንት ነው፤ በሳምንት 6 ቀን ሲታሰብ 48 የሥራ ቀን። ከዚህ ውስጥ 12ቱን ቀን ክፍል ከሚያዘጋጁት ጋር ውላለች፣ 6ቱን ሪሴፕሽን ላይ ከሠራተኛ ጎን ቆማ አይታለች፣ 2ቱን ቀን ትምህርት ቤቷ ጠርቷት ቀርታለች። እጇን አስገብታ ሪሴፕሽን የሠራችው 28 ቀን ነው ማለት ነው። ሊፈረድበት የሚችለው ይኼው 28 ቀን ነው።

በእነዚህ ቀናት ምን እንደሠራች ደግሞ አራት ቦታ ተጽፎ ይገኛል፦ የሺፍት ርክክብ መዝገቡ ላይ፣ የዕለት ገንዘብ መዝጊያ ቅጹ ላይ፣ የቡኪንግ ደብተሩ ላይ፣ ራሷ በየቀኑ እየሞላች እርስዎ በሚፈርሙላት የልምምድ ደብተር ላይ። ስሟንና ፊርማዋን እየፈለጉ መቁጠር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስትቆጥሩ 60 እንግዳ ተቀብላ ክፍል አስገብታለች፣ 15 የጀልባ ጉዞ መዝግባለች፣ 6 ጊዜ ሒሳብ ዘግታለች እንበል። ግምገማው በዚህ ቁጥር ይጀምር። «ለሁለት ወር አብራን ሠርታለች» የሚለው መክፈቻ ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። «28 ቀን ሪሴፕሽን ላይ ሠርታለች፤ 60 እንግዳ ተቀብላ 6 ጊዜ ሒሳብ ዘግታለች» ያለ ግን የፍርዱን ስፋትም ጥበትም አብሮ አሳይቷል።

«ኮምፒውተር ሲስተም ላይ ሠርታ አላየኋትም፤ ቅሬታም አስተናግዳ አታውቅም። ባዶ ከምተወው ከ5 መሃል ላይ ያለውን 3 ብሰጣት ይሻላል።»

3 ማለት «አይቻታለሁ፤ መካከለኛ ናት» ማለት ነው። ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መፈረም ስለሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ «አልታየም» ብለው ይጻፉ፤ አጠገቡም ምክንያቱን በአጭሩ ያስፍሩ፦ «ሆቴሉ በደብተር ስለሚሠራ»፣ «በሺፍቷ ቅሬታ ስላልመጣ»። ጉድለቱ የእሷ ሳይሆን የዕድሉ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ድምሩን ነው። ቅጹ 10 መስፈርት ቢኖረውና እያንዳንዱ ከ5 ቢታሰብ፣ ጠቅላላው 50 ነው። ስምንቱን አይተው 31 ሰጧት እንበል። ከታየው ብቻ ሲሰላ 31 ከ40፣ ማለትም 77.5 በመቶ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ባዶውን እንደ ዜሮ ከቆጠረው ግን 31 ከ50 ሆኖ 62 በመቶ ይወርድባታል። ሁለቱን ሳጥን በ3 ቢሞሉት ደግሞ 37 ከ50፣ 74 በመቶ ይመጣል። ያው ሥራ፣ ሦስት ውጤት። ስለዚህ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ለትምህርት ቤቱ የልምምድ አስተባባሪ ደውለው «ያልታየ መስፈርት እንዴት ይደመራል?» ብለው ይጠይቁ፤ የተባሉትንም ከድምሩ ሥር በአንድ መስመር ይጻፉት።

«ስህተት ሠርታለች። ብጽፈው ልጅቷን አበላሻለሁ፤ ብተወው ዋሸሁ።»

ስህተቱን መጀመሪያ ይበትኑት። ጣና ዳር በየጊዜው የሚያጋጥመውን የሰዓት ስህተት እንየው። የውጭ አገር እንግዳ ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድበትን ጀልባ ለነገ «ለስምንት» ያዙልኝ ይላል፤ የፈረንጁን ጠዋት ስምንት፣ ማለትም የእኛን ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ተለማማጇ ደብተሩ ላይ «8 ሰዓት» ብላ ትጽፋለች። ማታ ተረኛው ደብተሩን አይቶ ለጀልባ ነጂው ይደውላል፤ ነጂው በአገሩ አቆጣጠር ቀን ስምንት ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። እንግዳው ጠዋት ተነሥቶ ወደቡ ላይ ጀልባ ያጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ጉዞው ቢቀጥልም እንደ ጠዋቱ አይሆንም።

አሁን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ደብተሩ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚጻፍበት ዓምድ አለው? ከሌለው ቋሚው ሠራተኛም ነገ ይሳሳትበታል። ይህን ልዩነት ማን ነገራት፣ መቼ? ማንም ካልነገራት የሥልጠናው ክፍተት ነው። ከዚያ ቀን በኋላስ ምን አደረገች? ዋናው ይኼ ሦስተኛው ነው፤ መልሱም እዚያው ደብተር ላይ አለ። ስህተቱ የተፈጠረው በአራተኛው ምዝገባ ከሆነ፣ ከአምስተኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ያሉትን 11 መስመሮች ይመልከቱ። ሁሉም ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8» ብላ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፋ ከሆነ፣ ማንም ሳያዛት መላ አበጅታለች።

ግምገማው ላይ ሲሰፍር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በአራተኛው የጀልባ ምዝገባ የሰዓት አቆጣጠር ሳትለይ በመመዝገቧ የእንግዳ ጉዞ ተዛብቷል። የምዝገባ ደብተራችን አቆጣጠሩን የሚለይ ዓምድ አልነበረውም፤ እሷም አስቀድሞ አልተነገራትም። በቀጣዮቹ 11 ምዝገባዎች ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፋለች፤ ስህተቱ አልተደገመም።» ይህ አንቀጽ ስህተቱን አልደበቀም፤ ልጅቷንም አልጎዳም። ሆቴሉን ትንሽ ያሳፍረው ይሆናል፤ ያም ይገባዋል።

«ዝምተኛ ናት፤ ካልታዘዘች አትንቀሳቀስም። ተነሳሽነት ላይ 2 ሰጥቻታለሁ።»

በእኛ አገር ታላቅ እያወራ የማይገባ፣ እጁን አጣምሮ ቆሞ እስኪታዘዝ የሚጠብቅ ልጅ ቤቱ የተመሰገነበትን ነው ይዞ የመጣው። ተለማማጅ ሲሆን ያ ጨዋነት ስንፍና ይመስላል። ስለዚህ ዝምታውን ትተው ድርጊቱን ይፈልጉ፦ መታወቂያ ያልያዘ እንግዳ ሲመጣ በግምት አስገባችው ወይስ ሄዳ ጠየቀች? ቁልፍ ያልመለሰ ክፍል እንዳለ ሳትጠየቅ ርክክብ መዝገቡ ላይ ጽፋለች? እንዲህ ያለ ሁለት ሦስት ነገር ካገኙ 2 የሚለው ነጥብ አይቆምም። ካላገኙም «ዝምተኛ ናት» ብለው አይጻፉ፤ «ባልለመደችው ሥራ ላይ መመሪያ እስኪሰጣት ትጠብቅ ነበር» ብለው የታየውን ይጻፉ።

«ከቋሚዎቹ ሠራተኞቼ ጋር ሳስተያያት ገና ናት። ገና የሆነችን እንዴት ጥሩ እላለሁ?»

ቋሚ ሠራተኛ ለዚህ ሚዛን ድንጋይ አይሆንም። የሚሻለው መለኪያ ሥራውን ለመሥራት ያስፈለጋት እገዛ ነው፤ አራት ደረጃ ይበቃዋል፦ እያየች፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ፣ ብቻዋን ሠርታ ሌላ ሰው አረጋግጦላት፣ ብቻዋን ያለ ማረጋገጫ።

ስድስቱን የሒሳብ መዝጊያ በዚህ መሰላል ላይ እናስቀምጣቸው። የመጀመሪያውን ሱፐርቫይዘሩ አጠገቧ ሆኖ ዘጋች። በሁለተኛው 450 ብር ጎደለ፤ ሲፈተሽ በቴሌብር የተከፈለውን በጥሬ ገንዘብ ዓምድ አስገብታው ነበር፤ ብሩ ከመሳቢያው የጠፋ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ያልገባ ነው። በሦስተኛው ደረሰኞቹን በአከፋፈል ዓይነት ለመለየት ብቻ እገዛ ጠየቀች። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ብቻዋን ዘግታ ሱፐርቫይዘሩ ሲያረጋግጥ ልዩነት አልተገኘም።

ይኼ ጥሩ እድገት ነው፤ ግን ልክ አለው። ሦስቱም ትክክለኛ መዝጊያዎች በጾመ ነቢያት ሰሞን፣ እንግዳውም ሽያጩም ቀዝቀዝ ባለበት ሺፍት ላይ ከሆኑ፣ ለጥምቀት ሰሞን ግርግር ማስረጃ አይሆኑም። ነጥቡን ሲጽፉ አንዱን ከሌላው አይነጥሉት፦ «ሽያጭ አነስተኛ በሆነበት ሺፍት ሦስት ጊዜ ተከታትላ ያለ ልዩነት ዘግታለች፤ ሥራ በሚበዛበት ቀን ብቻዋን ዘግታ አልታየችም።»

«ሁሉንም 5 ብሰጣት ማን ይጎዳል? ልጅ ናት፤ ትበርታ።»

እሷው ትጎዳለች። ከላይ እስከ ታች 5 የተሞላ ቅጽ ያየ ቀጣሪ ያልተነበበ ቅጽ መሆኑን ያውቃልና ወደ ጎን ይለዋል፤ እውነተኛዎቹ 5ዎቿም አብረው ይጠፋሉ። «ታታሪ፣ ትሁት፣ ጨዋ» የሚሉት ቃላትም እንደዚያው ናቸው፤ ሠርግ ላይ ያምራሉ፣ ቅጽ ላይ ግን አይመዝኑም። «ታታሪ» ያሰኘዎት ነገር ካለ እሱን ይጻፉት፦ 28 ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ርክክብ ሳታደርግ አልወጣችም፣ ለምሳሌ።

«ግምገማ የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው።»

በመጨረሻው ቀን የሚታወሰው የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ እዚህ ምሳሌ ላይ ደግሞ እሱ ጥምቀት ነው። ከተማው ሞልቶ፣ ሪሴፕሽኑ ተጨናንቆ፣ ሁሉም ሰው ሲሳሳት የሰነበተበት ሳምንት። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ግማሽ ገጽ ረቂቅ ጽፈው ያስቀምጡ፤ 15 ደቂቃም አስቀምጠው ያነጋግሯት። ቅጹ በታሸገ ፖስታ የሚላክ ቢሆን እንኳ፣ ከማሸግዎ በፊት ቁጥሮቹን ከእሷ ጋር አብረው ይዩዋቸው፦ ስንት ቀን፣ ስንት ምዝገባ፣ ስንት መዝጊያ። ነጥቡ የእርስዎ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከተሳሳተ እሷ ቀድማ ታየዋለች።

«መጨረሻ ላይ ‹ትቀጥሯታላችሁ?› የሚል ጥያቄ አለ። የቅጥር ቦታ ስለሌለን ‹አይ› አልኩ።»

ጥያቄው ስለ ክፍት ቦታ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ያን «አይ» የሚያነበው ልጅቷ እንዳልበቃች አድርጎ ነው። የትኛው ሥራ፣ በምን እገዛ የሚለውን ይመልሱ፦ «ለጀማሪ ሪሴፕሽኒስት ቦታ ቢኖረን እንቀጥራት ነበር። የጀልባና የክፍል ምዝገባ ከመጀመሪያው ቀን ብቻዋን ልትይዝ ትችላለች፤ ሒሳብ መዝጋት ላይ ለመጀመሪያው ወር ሌላ ሰው ያረጋግጥላት። በኮምፒውተር ሲስተም ላይ ስላላየናት የምንለው የለም።»