የትምህርት ቤት ክፍያ መከታተያ ምንድን ነው?

የክፍያ መከታተያ የምንለው እያንዳንዱ ተማሪ እስከ ዛሬ ስንት ብር መክፈል እንደነበረበት፣ ስንት እንደከፈለና ስንት እንደቀረው የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ይህንኑ በክፍል ደምሮ 4ኛ ለ ስንት ውዝፍ እንዳለበት፣ 7ኛ ሀ ደግሞ ስንት እንደሆነ ለርእሰ መምህሩ ይነግረዋል። ለአንድ መካከለኛ የግል ትምህርት ቤት ኤክሴል ይበቃል።

«እስከ ዛሬ» የምትለዋን ቃል አጥብቃችሁ ያዟት። ወርሃዊ ክፍያው 1,500 ብር ከሆነና ትምህርቱ አሥር ወር ከሆነ፣ የዓመቱ 15,000 ብር ነው። ይህን ሙሉውን መስከረም ላይ እንደ ዕዳ ከመዘገባችሁት ሁሉም ወላጅ ባለዕዳ ይሆናል፤ ማን በትክክል እንደዘገየም አይታወቅም። ኅዳር ላይ ከሆናችሁ መክፈል ያለበት የሦስት ወር፣ ማለትም 4,500 ብር ብቻ ነው።

ሥራው በሁለት ገጽ ያልቃል። አንዱ የተማሪዎች ገጽ ነው፦ የተማሪ ቁጥር በ A፣ ስም በ B፣ ክፍል በ C፣ እስከ ዛሬ መክፈል ያለበት በ D፣ የከፈለው በ E፣ ቀሪው በ F። ሁለተኛው «ክፍያ» የሚባለው ገጽ ነው። እዚያ ገንዘብ በገባ ቁጥር አዲስ መስመር ይጻፋል፦ የተማሪ ቁጥር፣ ቀን፣ መጠን፣ የደረሰኝ ወይም የባንክ ግብይት ቁጥር። የድሮ መስመር አይነካም። ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
E2: =SUMIFS('ክፍያ'!C:C,'ክፍያ'!A:A,A2)
F2: =D2-E2
```

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተማሪ ደረጃ ሳይሆን ወደ ክፍል ድምር ሲመጣ ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት እንውሰድና ከ4ኛ ለ አምስት ተማሪዎችን ብቻ እንይ። ወሩ ኅዳር ነው፤ እያንዳንዳቸው 4,500 ብር መክፈል ነበረባቸው።

ተማሪ 411 ሙሉውን ከፍላለች፤ ቀሪዋ 0 ነው። 412 የከፈለው 3,000 ስለሆነ 1,500 ይቀረዋል። የ413 አባት ነጋዴ ናቸው፤ የዓመቱን 15,000 መስከረም ላይ በአንዴ ከፍለው ተገላገሉ። ስለዚህ ቀሪው ከዜሮ በታች ነው፦ −10,500። የ414 ቤተሰብ ዘጌ ነው፤ ቡናው ሲሸጥ እንከፍላለን ብለው እስካሁን ምንም አልከፈሉም፤ 4,500 አለባቸው። 415 አንድ ወር ብቻ ስለተከፈለላት 3,000 ይቀራታል።

አሁን የ F ዓምድን እንዲሁ ደምሩት። መልሱ −1,500 ይመጣል። ክፍሉ ዕዳ የሌለበት፣ እንዲያውም ትርፍ ያለው ይመስላል! ግን ሦስት ልጆች በድምሩ 9,000 ብር አልተከፈለላቸውም። የአንድ አባት ቅድመ ክፍያ የሌሎቹን ውዝፍ ሸፈነው ማለት ነው። ርእሰ መምህሩ ይህን ቁጥር አይተው 4ኛ ለን ቢያልፉት ማንም ለወላጆቹ አይደውልም። መፍትሔው ውዝፉንና ቅድመ ክፍያውን ለየብቻ መደመር ነው፦

```
ውዝፍ፦ =SUMIFS(F:F,C:C,"4ኛ ለ",F:F,">0")
ቅድመ ክፍያ፦ =SUMIFS(F:F,C:C,"4ኛ ለ",F:F,"<0")
```

የመጀመሪያው 9,000፣ ሁለተኛው −10,500 ይላል። ቅድመ ክፍያው ገና ያልተሰጠ የሰባት ወር ትምህርት ገንዘብ ነው፤ ካዝና ውስጥ አለ ብሎ እንደ ትርፍ ማየት አይገባም። ለዘጌው ቤተሰብ ደግሞ «የተስፋ ቀን» የምትል አንዲት ዓምድ ጨምሩ። ቀን ቆርጦ የነገራችሁንና ስልክ የማያነሳውን ወላጅ እኩል ማስጨነቅ ነውር ነው።

ወንድምና እህት ያሉበት ቤትም ይህንኑ ችግር ያመጣል። አንዲት እናት ለሦስት ልጆቿ 4,500 ብር በቴሌብር በአንዴ ትልካለች። ካሸሩ ሙሉውን በታላቁ ልጅ ቁጥር ከመዘገበው ታላቁ አስቀድሞ የከፈለ ይመስላል፤ ታናናሾቹ ባለዕዳ ይሆናሉ። የከፈለች እናት ማስጠንቀቂያ ሲደርሳት ብትቆጣ አይፈረድባትም። ስለዚህ ገንዘቡ በሦስት መስመር፣ በ1,500 በ1,500 ተከፋፍሎ ይመዝገብ፤ የግብይት ቁጥሩ ግን በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ በሳምንት አንድ ጊዜ የአንድ ግብይት ቁጥር መስመሮችን ደምሩና ከባንኩ መግለጫ ጋር አስተያዩ። ባንክ የገባው 4,500፣ ሰንጠረዡ ላይ ያለው 3,000 ከሆነ አንድ ልጅ ተዘሏል። ሰንጠረዡ ላይ ኖሮ ባንኩ ጋ ከሌለ ደግሞ የተመዘገበው ወላጁ ያሳየውን ስክሪንሾት ብቻ አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ መግባቱ እስኪረጋገጥ ያው መጠን በአዲስ መስመር በመቀነስ ምልክት ተጽፎ ከድምሩ ይውጣ።