የታሸገ ቡና ጽሑፍ ደሴ ላይ ሲነበብ

ወሎ ውስጥ ቡና በጥሬው ይገዛል። ቤት ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ወደ ጀበና ይገባል። መቼ ተቆላ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጭሱ ገና ከቤት አልወጣምና። የታሸገ ቡና ግን ሌላ ሰው ሌላ ከተማ የቆላው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሱቆች ውስጥ ይሸጣል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድም ይዞት ይመጣል። ያላየነውን ነገር የሚነግረን ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ከፍታ፣ ዝርያ፣ የተቆላበት ቀንና የጣዕም መግለጫ ተጽፎበታል። አራቱ ግን እኩል አይታመኑም።

አንድ ከረጢት እንውሰድ። እንዲህ ይላል እንበል፦ ሲዳማ፣ በንሳ። ከፍታ 2,050–2,200 ሜትር። ዝርያ 74158። ያልታጠበ። የተቆላበት ቀን 05/07/25። ጣዕም እንጆሪ፣ ኮክ፣ ጃስሚን። ደሴ ላይ የተገዛው ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። የእኛ ሰው 05/07 ሲል ወዲያው መጋቢት 5 ይመጣበታል። እንደዚያ ከሆነ ቡናው አራት ወር ተኩል ሆኖታል። ነገር ግን ዓመቱ 25 ስለሚል አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ቀኑ ቀድሞ ከተጻፈ ጁላይ 5 ነው፤ በእኛ ሰኔ 28። ቡናው ገና 22 ቀኑ ነው። ወሩ ቀድሞ ከተጻፈ ደግሞ ሜይ 7 ይሆናል፤ ሚያዝያ 29 ማለት ነው። ያኔ 81 ቀን አልፎታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥሩ ቡናና የደከመ ቡና ነው። ወሩን በፊደል የሚጽፍ ቡና ቆዪ ለገዢው ትልቅ ውለታ ውሎለታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቡና ሲቆላ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። ከረጢቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፣ ቫልቭ የሚሏት፣ ይህን አየር ለማስወጣት የተሠራች ናት። ጋዙ በጣም ብዙ ሲሆን ውሃው ቡናው ውስጥ በደንብ አይገባም። ትኩስ ቡና ጀበና ውስጥ ቶሎ የሚገነፍለውም በዚህ ጋዝ የተነሳ ነው። ጋዙ ወጥቶ ሲያልቅ ደግሞ ኦክስጅን ተራውን ይወስዳል፤ መዓዛው ይጠፋል፣ ዘይቱም ይሻግታል። ፈካ ብሎ የተቆላ ቡና በፍሬው እንዳለ ከታሸገ፣ ብዙ ጊዜ ከተቆላ ከአንድ ሳምንት በኋላ ይጣፍጣል፤ እስከ አምስትና ስድስት ሳምንትም ጥሩ ነው። ጠቆር ብሎ የተቆላው ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ያረጃል። የተፈጨ ከሆነ ግን ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ መዓዛው በቀናት ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ ከረጢት የሰኔ 28 ከሆነ ጥሩ ጊዜው ላይ ነው። የሚያዝያ 29 ከሆነ ይጠጣል እንጂ ጃስሚኑን መጠበቅ ከንቱ ነው።

ቀኑ ካጠራጠረ ማረጋገጫ አለ። ጥቂት ቡና ፈጭቶ ፈልቶ የወረደ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። ትኩስ ከሆነ ያብጣል፣ አረፋም ይሰጣል። ያረጀው ዝም ብሎ ይረጥባል። ከረጢቱ መወጠሩ ግን ብዙም አያስተማምንም። ቫልቭ የሌለው ከረጢት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ብቻም ይነፋል። ደግሞ “የተመረተበት ቀን” እና “የተቆላበት ቀን” ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቡናው የታሸገበት ቀን ሊሆን ይችላል። የአንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ ብቻ የሚል ከረጢት ስለ ትኩስነቱ ምንም አልነገረንም።

ከፍታው የሚናገረው ስለ ሙቀት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይበርዳል፤ ሌሊቱ ሲበርድ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ዘሩም ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቡና ፈካ ብሎ ሲቆላ ደስ የሚል ኮምጣጣነትና ጠንካራ መዓዛ ይኖረዋል። 2,050–2,200 ሜትር ለሲዳማ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ይህን መጠበቅ ይቻላል። ቁጥሩን ከሌላ አገር ቡና ጋር ማወዳደር ግን ያሳስታል። ብራዚል ከምድር ወገብ ስለምትርቅ እዚያ ከፍታው ዝቅ ብሎም አየሩ ሊቀዘቅዝ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የተጻፈው የገበሬዎቹ ማሳ ሳይሆን ቡናው የተሰበሰበበት ጣቢያ ከፍታ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቆዪው ያጠቆረው ቡና ላይ የከፍታው ጥቅም ተቃጥሏል። 2,200 የሚል ከረጢት ውስጥ ዘይት ያወዛው ጥቁር ፍሬ ካለ፣ የሚቀመሰው አቆላሉ ነው።

ዝርያው ላይ ብዙ አልቆይም። 74158 በ1974 እ.ኤ.አ. ከተሰበሰቡና ከተመረጡ ቡናዎች አንዱ ነው፤ 74ቱም ዓመቱን ያመለክታል። ምርጫው የተካሄደው ጅማ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ነው። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ስለነበር፣ ዋናው ሥራ በሽታውን የሚቋቋም ማግኘት ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ በሽታ መቋቋም ከሚነግረን ያህል ስለ ጣዕም አይነግረንም። ይርጋጨፌ አካባቢ ኩሩሜ፣ ደጋና ወሊሾ የሚባሉ የአገሬው ዝርያዎች አሉ፤ ገበሬው ማሳ ላይም ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይገኛሉ። እኔ ከዝርያው ይልቅ “ያልታጠበ” የምትለዋን ቃል አምናለሁ። ቀይ ፍሬው ከነሥጋው ሲደርቅ እንጆሪና የወይን ጠጅ የሚመስል ጣዕም ያመጣል። የታጠበው ደግሞ ወደ ሎሚና አበባ ያደላል።

እንጆሪ የሚለው እንጆሪ ተጨምሮበታል ማለት አይደለም። ቀማሾች በቅምሻ ጊዜ ያስታወሳቸው ነገር ነው። አንድ ሲኒ ላይ 8 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና አድርገው፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ ያፈሱበታል። አራት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ላዩን ከፍተው ያሸታሉ፤ ከዚያም እየቀዘቀዘ ይቀምሱታል። ቡናው ፈካ ብሎ የተቆላ ነው፤ አይፈላም፣ ስኳርም የለበትም። ይህን ሁኔታ ከጀበና ጋር ስናስተያየው ቃሉ ለምን እንደማይገኝ ይገባናል። ጀበና ውስጥ ሲንተከተክ ቀላሉ መዓዛ በእንፋሎቱ ይወጣል። የሚቀረው ውፍረትና ምሬት ነው፤ ቡናው ፈካ ያለ ከሆነ ደግሞ ኮምጣጣነቱ ይጎላል። አንዳንድ እናቶች “ይሄ ቡና ጥሬ ነው፣ ይኮመጥጣል” ቢሉ እውነታቸውን ነው።

ደሴ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ወደ 94 ዲግሪ ይጠጋል። ከረጢቱ “በ94 ዲግሪ ውሃ ያዘጋጁ” ካለ ደሴ ላይ በተራ ማንቆርቆሪያ አይደረስበትም። ፈካ ያለውና ከከፍታ የመጣው ጠንካራ ፍሬ ደግሞ በጣም ሙቅ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃውን ሳያቀዘቅዙ እንደፈላ ማፍሰስ፣ ቡናውን ትንሽ ደቀቅ አድርጎ መፍጨትና አንድ ደቂቃ ያህል ጨምሮ ማቆየት ይሻላል። ጣዕሙ አሁንም ቀጭንና ኮምጣጣ ከሆነ የበለጠ ማድቀቅ ነው። ምላስ የሚያደርቅ ምሬት ከመጣ ግን አልፏል።

ያን የበንሳ ቡና በጀበና ለማፍላት የፈለገ ሰው ውሃውን ብቻ አስቀድሞ ያፍላ። ቡናውን ጨምሮ አንዴ ሲነሳ ያውርድና ያስቀምጠው፤ አተላው ይዘቅጣል። እንጆሪው ካለ የሚገኘው አቦሉ ላይ ነው፣ እሱም ለብ ሲል። ቶናና በረካ ላይ ከረጢቱ የጻፈው አይደርስም።