ዕዳና ምርት፦ ወለድ፣ ዕድገትና የበጀት ጉድለት ከድሬዳዋ ሐዲድ ሲታዩ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ባቡር በአብዛኛው የተሠራው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በተወሰደ የዶላር ብድር ነው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ያው ሐዲድ፣ ብድሩም ያው ብድር ሆኖ ሳለ፣ ዕዳው ከአገሪቱ ምርት አንጻር ያለው ክብደት ግን ከዓመት ዓመት ሲቀል ሲከብድ ቆይቷል። አዲስ ብድር ባይወሰድም ክብደቱ ለምን እንደሚለዋወጥ ለመረዳት ሦስት ነገሮችን ማያያዝ ያስፈልጋል፦ ወለዱን፣ የምርቱን ዕድገትና ወለድ ሳይታሰብ የሚቀረውን የበጀት ጉድለት።

የመንግሥት ዕዳ የሚመዘነው ለጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ተካፍሎ ነው። በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ 500 ሺህ ብር ቢበደር፣ ብድሩ ከባድ ነው ቀላል የሚባለው በዓመት ከሚያገላብጠው ገንዘብ ጋር ተነጻጽሮ ነው። የአገርም እንዲሁ ነው። ወለድ የክፍልፋዩን ላይ ያሳድጋል፣ ዕድገት ታቹን ያሰፋል፣ ጉድለት ደግሞ ላዩ ላይ ይጨምራል። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
d1 = d0 × (1 + r) / (1 + g) + p
```

d0 ያለፈው ዓመት የዕዳና የምርት ንጽጽር፣ d1 የዘንድሮው፣ r በዕዳው ላይ የሚከፈለው አማካይ ወለድ፣ g የምርት ዕድገት፣ p ደግሞ ከወለድ ክፍያ ውጭ ያለው ጉድለት ከዘንድሮው ምርት ያለው ድርሻ ነው። p ውስጥ ወለድ መግባት የለበትም፤ ወለዱ በ r በኩል አንድ ጊዜ ተቆጥሯልና። በጋዜጣ የሚወጣው የበጀት ጉድለት ብዙ ጊዜ ወለድን ስለሚጨምር፣ እሱን እንዳለ ወስዶ እዚህ የሚያስገባ ሰው ወለዱን ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ሌላው የተለመደ ስሕተት r ግሽበትን ይዞ g ግሽበት ተቀንሶለት ሲገባ ነው። በብር የሚከፈል ወለድ ከገባ፣ ዕድገቱም በዓመቱ ዋጋ የተለካው፣ ማለትም የዋጋ ንረቱ ያለበት መሆን አለበት።

በቁጥር እንየው። ምርት 100፣ ዕዳ 50 ይሁን። የዕዳው ግማሽ በብር፣ 12 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት፤ ግማሹ በዶላር፣ 4 በመቶ የሚከፈልበት ነው እንበል። አማካዩ 8 በመቶ ይሆናል። ምርቱ ከነዋጋ ንረቱ 20 በመቶ አድጎ 120 ሆነ፤ መንግሥት ደግሞ ከወለድ ውጭ 2 ብር ጎደለው። የብሩ ዕዳ 28፣ የዶላሩ 26፣ አዲሱ ጉድለት 2፣ ድምሩ 56። ለ120 ሲካፈል 46.7 በመቶ ነው። ዕዳው በ6 ብር ጨምሮ ሳለ ንጽጽሩ ከ50 ወርዷል። እንዲያውም በዚህ ዓመት መንግሥት እስከ 6 ብር፣ ማለትም የአዲሱን ምርት 5 በመቶ ያህል ቢጎድለው እንኳ ንጽጽሩ ከ50 አያልፍም ነበር።

ሁኔታው ሲገለበጥ ደግሞ እንዲህ ነው። ወለድ 15፣ ዕድገት 10 በመቶ ቢሆን፣ ያው 50 ብር ዕዳ ከነወለዱ 57.5 ይሆናል። በ110 ብር ምርት ላይ ንጽጽሩን 50 ላይ ለማቆም ዕዳው ከ55 ማለፍ የለበትም፤ ስለዚህ መንግሥት ጉድለቱን መዝጋት ብቻ ሳይሆን 2.5 ብር ትርፍ ማስቀረት ይኖርበታል። መነሻው ዕዳ 100 ቢሆን ኖሮ የሚፈለገው ትርፍ እጥፍ ነው። ዕዳ ሲከማች የወለድና የዕድገት ልዩነት ክንዱ የሚረዝመው በዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ለጥቂት ዓመታት የኖረችው በመጀመሪያው ምሳሌ ዓይነት ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የመንግሥት የብድር ሰነዶች ወለድ ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ። በ2015 ዓ.ም. ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶ ያህሉን ለመንግሥት ቦንድ እንዲያውሉ ታዘዙ። ንጽጽሩ ወረደ፤ የወረደበትን ዋጋ የከፈለው ግን ቆጣቢው ነው። በድሬዳዋው ከዚራ ባንክ ቤት ገንዘቡን በ7 በመቶ ወለድ ያስቀመጠ ሰው፣ ዋጋ በ30 በመቶ ሲንር በዓመቱ መጨረሻ የሚገዛው ዕቃ በ18 በመቶ ያህል ቀንሶበታል። ይህ በግብር ሕግ ያልተጻፈ ግብር ነው፤ እጅግ የሚጎዳውም መሬት ወይም ዶላር መግዛት የማይችለውን ነው።

የንጽጽሩ መውረድ ሌላም የሸፈነው ነገር ነበር፤ የምንዛሪ ተመኑ። የዶላር ዕዳ ወደ ብር የሚቀየረው በባንኩ ተመን ስለሆነ፣ ዋጋ ሲንር ተመኑ ግን በቀስታ ብቻ ሲራመድ ታቹ ይሰፋል፣ ላዩ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ከላይ ባለው ምሳሌ በዓመቱ መጨረሻ ዶላር እጥፍ ቢሆን፣ የ26 ብሩ የውጭ ዕዳ 52 ይሆናል፤ ድምሩ 82፣ ንጽጽሩም 68.3 በመቶ። ምንም አዲስ ብድር ሳይወሰድ ከ46.7 ወደ 68.3 ዘለለ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የዝላዩ አንድ ክፍል የአቆጣጠር ውጤት ነው፤ ዕዳ የሚተመነው በዓመቱ መጨረሻ ቀን ተመን ሲሆን ምርት የሚደመረው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። በቀጣዩ ዓመት ዋጋዎች ተመኑን ተከትለው ሲያድጉ ንጽጽሩ በከፊል ይመለሳል።

ስሌቱ የማይዘው ዕዳም አለ። የባቡሩ ብድር በፌዴራል በጀት ጉድለት ውስጥ ሳያልፍ በመንግሥት ድርጅት ስም የገባ ነው፤ የሕዝብ ዕዳ ሲቆጠር ግን ይካተታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የመንግሥት ድርጅቶችን ያልተከፈለ ብድር ተሸክሞ የቆየውን ንግድ ባንክ ለማጠናከር እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ ፈቀደ። እንዲህ ያለው ሰነድ የዓመቱ ጉድለት ሳይሰፋ ዕዳውን ያሳድጋል። ስለዚህ ንጽጽሩ ወለድ፣ ዕድገትና ጉድለት ከሚያስረዱት በላይ ሲንቀሳቀስ፣ ቀሪውን ፍለጋ መሄድ የሚገባው ወደ ምንዛሪ ተመኑና ወደ ድርጅቶች ዕዳ ነው።

ንጽጽሩ የመክፈል አቅምን ብቻውን አይናገርም። የባቡሩ ብድር የመክፈያ ጊዜ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ 30 ዓመት ሲራዘም ዕዳው አልቀነሰም፤ የቀለለው በየዓመቱ የሚፈለገው ዶላር ነው። በተቃራኒው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሸጠችውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ይህ የሆነው ንጽጽሩ ለዓመታት ሲወርድ ከቆየ በኋላ ነው። በግሽበት ያደገ ምርት የብር ዕዳን ያሟሟል፤ ለዩሮ ቦንድም ለባቡሩም የሚከፈለው ዶላር ግን የሚገኘው ከቡና፣ ከጫትና ከሌላው የውጭ ንግድ፣ ከሚላክ ሐዋላ ወይም ከሌላ ብድር ነው።