የዘገየ ግብር ቅጣትና ወለድ በአሜሪካ፦ የማይባዛው እና የሚባዛው

በአሜሪካ የፌዴራል ገቢ ግብሩን በቀኑ ያልከፈለ ሰው ላይ ሁለት ሂሳቦች በአንድ ጊዜ መቁጠር ይጀምራሉ። አንደኛው በየወሩ የሚጨመር ቅጣት ሲሆን የራሱ ቅጣት አይወልድም። ሁለተኛው በየቀኑ የሚታሰብ ወለድ ሲሆን ትናንት የተጨመረው ዛሬ ራሱ ይወልዳል። የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤቱ፣ በተለምዶ አይ አር ኤስ የሚባለው፣ በሚልከው ደብዳቤ ላይ ሁለቱ በተለያየ መስመር ይጻፋሉ። ብዙ ሰው ግን የታችኛውን ድምር ብቻ አይቶ «ወለዱ በላኝ» ይላል። ለጥቂት ወራት በዘገየ ዕዳ ላይ ግን ቅጣቱም ከወለዱ ብዙም አያንስም።

ቅጣቱ ካልተከፈለው ግብር በወር 0.5 በመቶ ነው። ሕጉ ወሩን የሚቆጥረው ከመክፈያው ቀን ማግስት ጀምሮ ነው፤ ከወሩ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከተነካ ሙሉ ወር ሆኖ ይታሰባል። መሠረቱ ሁልጊዜ ያልተከፈለው ግብር ብቻ ነው። ያለፈው ወር ቅጣት በዋናው ላይ ተደምሮ በሚቀጥለው ወር አይታሰብበትም። ጣሪያም አለው፦ 25 በመቶ ሲደርስ፣ ማለትም በ50ኛው ወር፣ ይቆማል።

ወለዱ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ የአጭር ጊዜ የወለድ መጠን ላይ 3 ነጥብ ተጨምሮ በየሩብ ዓመቱ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓመቱን ሙሉ 7 በመቶ ነበር። ይህ ወለድ በየቀኑ እንዲባዛ በሕግ የተደረገው ከ1983 ጀምሮ ነው። ጣሪያ የለውም።

አንድ የታክሲ ሾፌር እንውሰድ። በቨርጂኒያ የሚኖር፣ ለራሱ የሚሠራና ከገቢው ላይ ማንም ግብር የማይቀንስለት ነው እንበል። የ2024 ግብሩን በሰዓቱ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2025 አሳወቀ፤ 6,000 ዶላር ዕዳ ወጣበት፤ ምንም ሳይከፍል ቆይቶ ሙሉውን ሴፕቴምበር 20 ቀን ከፈለ። (በየሩብ ዓመቱ ቅድሚያ ባለመክፈል የሚመጣው ቅጣት ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አናስገባውም።)

የመጀመሪያው ወር ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 15 ነው። እንዲህ እያልን ስንቆጥር አምስተኛው ወር ሴፕቴምበር 15 ላይ ያልቃል። ሾፌሩ የከፈለው በ20 በመሆኑ ስድስተኛውን ወር በአምስት ቀን ነክቶታል። ስለዚህ ቅጣቱ 6 ጊዜ 0.5፣ ማለትም 3 በመቶ ነው፤ 180 ዶላር። ከአምስት ቀን በፊት ከፍሎ ቢሆን ኖሮ 150 ዶላር ብቻ ይሆን ነበር።

ወለዱ የቆጠረው 158 ቀን ነው። ሂሳቡ እንዲህ ይሠራል፦

```
6000 × (1 + 0.07/365)^158 − 6000 = 184.57
```

ያለ ማባዛት፣ ማለትም 6,000 ዶላርን በ7 በመቶ ለ158 ቀን ብቻ ብናስብ፣ 181.81 ዶላር ይወጣል። በየቀኑ መባዛቱ የጨመረው 2 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነው። የአምስት ቀን መዘግየት ግን በቅጣቱ በኩል 30 ዶላር አስወጥቷል። «የወለድ ወለድ» የሚለው ቃል ያስፈራል፤ በአጭር ጊዜ ዕዳ ላይ ግን ኪስ የሚጎዳው የወሩ አቆጣጠር ነው።

ሾፌሩ በመሐል ጥቂት ቢከፍል ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ጁላይ 10 ላይ 2,000 ዶላር ቢከፍል ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ በቀረው ላይ ብቻ ይታሰባል። ቅጣቱ ግን የተጀመረውን ወር በ6,000 ይጨርሳል፤ በ4,000 መታሰብ የሚጀምረው ከጁላይ 16 ወዲህ ነው። ሦስቱ ወራት በ6,000 ሲታሰቡ 90 ዶላር፣ ሦስቱ በ4,000 ሲታሰቡ 60 ዶላር፣ በድምሩ 150 ዶላር ይሆናል። ከፋዩ ሌላ ካላዘዘ በፈቃዱ የከፈለው ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ግብሩ፣ ቀጥሎ ወደ ቅጣቱ፣ በመጨረሻ ወደ ወለዱ ይሄዳል። ይህ ቅደም ተከተል የቅጣቱን መሠረት ቶሎ ስለሚያሳንስ ለከፋዩ የሚጠቅም ነው።

መባዛት ጉልበቱን የሚያሳየው ጊዜው ሲረዝም ነው። የ6,000 ዶላሩ ቅጣት እስከ 50ኛው ወር ቢቆይ 1,500 ዶላር ደርሶ ይቆማል። ያው 0.5 በመቶ በየወሩ እየተባዛ ቢሄድ ኖሮ 1,699 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። መጠኑ ከፍ ሲል ክፍተቱ ይሰፋል። አንዳንድ የግል ድርጅቶች በደረሰኛቸው ግርጌ «በወር 1.5 በመቶ» ብለው ይጽፋሉ። ያልተባዛ ከሆነ በዓመት 18 በመቶ ነው፤ በየወሩ ከተባዛ 19.56 በመቶ። በዓመት ውስጥ ልዩነቱ ብዙም አያስደነግጥም። በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ግን በ2,000 ዶላር ዕዳ ላይ አንደኛው 1,080 ዶላር ሲጨምር ሌላው 1,418 ዶላር ይጨምራል። ዕዳው እጥፍ የሚሆነውም በአንደኛው መንገድ በ67ኛው ወር ሲሆን በሌላው በ47ኛው ነው። በውሉ ላይ «በወር» የሚል ብቻ ተጽፎ ይባዛ አይባዛ ካልተገለጸ፣ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ወደ ግብሩ ስንመለስ፣ ከሁሉ የከፋው ስህተት አለመክፈል ሳይሆን አለማሳወቅ ነው። ገንዘብ ስለሌለው ፎርሙን ሳያስገባ የሚቀር ሰው በወር 0.5 ሳይሆን 5 በመቶ ይቀጣል፤ ይህም በአምስት ወር ውስጥ 25 በመቶ ላይ ይደርሳል። ሁለቱ ቅጣቶች በአንድ ወር ሲገናኙ ያለማሳወቁ ወደ 4.5 ዝቅ ስለሚል ድምሩ 5 ይሆናል። ፎርም 4868 ሞልቶ እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ያራዘመም እንዳይዘናጋ፦ የተራዘመው ማሳወቂያው እንጂ መክፈያው አይደለም።

በቀኑ አሳውቆ በየወሩ ለመክፈል ስምምነት ያደረገ ሰው፣ ስምምነቱ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ቅጣቱ በግማሽ ወርዶ በወር 0.25 በመቶ ይሆንለታል። በተቃራኒው ንብረት ወይም ደመወዝ ሊያዝ እንደሆነ የሚያስታውቀው ደብዳቤ ከተላከ ከአሥር ቀን በኋላም ያልከፈለ ወደ 1 በመቶ ይወጣበታል። ደብዳቤዎችን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ የሚያጠራቅሙ ሰዎች ይህንን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

ያለፉት ሦስት ዓመታት ታሪኩ ንጹሕ የሆነ ከፋይ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲነሳለት በስልክ ወይም በፎርም 843 መጠየቅ ይችላል። ቅጣቱ ሲነሳ በእሱ ላይ የታሰበው ወለድም አብሮ ይነሳል፤ በግብሩ ላይ የታሰበው ወለድ ግን ይቀራል። ዋናው ግብር ሳይከፈል ቅጣቱ ቢነሳም ያልተከፈለው ላይ እንደገና መቁጠሩን ስለማይተው፣ ጥያቄውን ዋናውን ከፍሎ ከጨረሱ በኋላ ማቅረብ ይሻላል።