ዘጠኝ ተቆርጦ አሥረኛው በነፃ፦ የፀጉር ቤት የደንበኛ ካርድ እና ሒሳቡ

የደንበኛ ካርድ የምትባለው ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ወረቀት ናት። በአንድ በኩል የፀጉር ቤቱ ስም አለ፣ በጀርባዋ ደግሞ ሳጥኖች ተሰምረዋል። በተቆረጡ ቁጥር አንድ ሳጥን ላይ ማህተም ይመታል። ዘጠኙ ሲሞላ አሥረኛው በነፃ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አፕ የለው፣ ኮምፒውተር የለው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ነገሩ ለምን እንደሚያጓጓ ግልጽ ነው። ፀጉር ቤቶቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ ዋጋቸውም ያው ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ወንበር ባዶ ባየበት ይገባል። አንዱ ጋ ወረፋ ካለ ሦስት እርምጃ ሄዶ ሌላው ጋ ይቀመጣል። እና ባለቤቱ "ይሄን ልጅ በምን ላስረው?" ብሎ ሲያስብ ካርዷ ትመጣለች። የሚረሳው ግን አንድ ጥያቄ አለ። የአሥረኛውን ቁርጥ ዋጋ ማን ነው የሚከፍለው?

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን ተኩበት። ሁለት ወንበር ያለው ቤት ነው እንበል። አንድ ቁርጥ 150 ብር። ቆራጩ በፐርሰንት ነው የሚሠራው፣ ግማሹ የሱ ነው፣ 75 ብር። ለምላጭ፣ ለአልኮል፣ ለሶፍት፣ ለፓውደርና ለመብራት 15 ብር ይሄዳል። ለቤቱ የሚተርፈው 60 ብር ነው። ኪራዩም ግብሩም የሚወጣው ከዚች 60 ብር ነው።

አሁን አሥረኛው መጣ፣ በነፃ ተቆረጠ። ገቢ ዜሮ። ምላጩና አልኮሉ ግን አልቋል፣ 15 ብር። ቆራጩስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ካርድ የሚሞተው። ባለቤቱ "ነፃ ስለሆነ ፐርሰንትም የለውም" ካለ፣ ነፃ የቆረጠው ቤቱ ሳይሆን ሠራተኛው ነው ማለት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ካርዴን ሞልቼ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ የቤቱን ስም ተዉት። ልጁ ሁሌ ግማሽ ሰዓት ይወስድብኝ ነበር። ጆሮ ዙሪያውን በምላጭ ያጸዳል፣ አንገቴን በብሩሽ ይጠርጋል፣ መስታወቱን ከኋላ ያሳየኛል። ካርዱን ሳወጣ ፊቱ ተለወጠ። በማሽን ዙሪያውን ጨርሶ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ "ይሁን" አለኝ። መስታወትም አልታየ። ልጁን አልፈርድበትም፣ ያን ቀን ለኔ የሠራው በባዶ ነበር። እኔ ግን ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም። ደንበኛ ለማሰር የወጣች ካርድ ደንበኛ አባረረች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር፣ በነፃው ቁርጥም ቆራጩ 75 ብሩን ያገኛል፣ ከባለቤቱ ኪስ። የነፃው ቁርጥ እውነተኛ ዋጋ ታዲያ 75 እና 15፣ 90 ብር ነው። አንድ ካርድ ሲሞላ ቤቱ ከዘጠኙ 540 ብር አገኘ፣ 90 ከፈለ፣ 450 ብር ቀረው።

450 ብር ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ? መልሱ በደንበኛው ይወሰናል። ካርድ ኖረም አልኖረም እናንተ ጋ ብቻ የሚቆረጥ ሰው እንውሰድ። ያለ ካርድ አሥር ጊዜ መጥቶ 600 ብር ያስተርፍላችሁ ነበር። አሁን 450። 150 ብር አጣችሁበት። ሌላው ደግሞ አንዴ እናንተ ጋ፣ አንዴ ጎረቤት የሚል ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ብቻ መጥቶ 300 ብር ነበር የሚያስተርፈው። በካርዷ ምክንያት አሥሩንም እናንተ ጋ ከሆነ 450። 150 ብር አተረፋችሁ። አያችሁ፣ አንዱ ተንከራታች የአንዱን ታማኝ ኪሳራ ይሸፍናል፣ ከዚያ አያልፍም። ከሞሉት ካርዶች ግማሽ ያህሉ የተንከራታቾች ካልሆኑ ካርዷ እየበላቻችሁ ነው።

"ታማኙም እኮ ቶሎ ቶሎ ይመጣል" የሚል አይጠፋም። ትንሽ ሊያፈጥን ይችላል፣ ግን ስንት? ሒሳቡ እንዲካካስ ያለ ካርድ ሰባት ተኩል ጊዜ ይመጣ የነበረው አሥር ጊዜ መምጣት አለበት። በየ28 ቀኑ የሚቆረጥ ሰው በየ21 ቀኑ ይምጣ ማለት ነው። ፀጉር ለካርድ ብሎ ፈጥኖ አያድግም። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ፀጉሩን ትንሽ ቢያቆየው የሚመርጥ ብዙ ነው።

ታዲያ ካርዷን እንዴት እናስተካክል? ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው ቀኑ ነው። ነፃው ቁርጥ ቅዳሜ ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ ከዋለ፣ ወረፋ አይቶ የሚመለስ ከፋይ አለ። የእሱ 60 ብርም አብሮ ይሄዳል፣ ነፃው 150 ብር አወጣ ማለት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግን ወንበሩ ባዶ ነበር፣ 90 ብር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ካርዷ ላይ በጉልህ "ነፃው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በዓል ዋዜማን አይጨምርም" ተብሎ ይጻፍ። ከመጀመሪያው ይጻፍ እንጂ ሰውየው ቅዳሜ ካርዱን ሞልቶ መጥቶ አይነገረው፣ ያኔ ጠብ ነው።

ሁለተኛው አጀማመሯ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ መኪና እጥበት ላይ የተሞከረ ነገር አለው። ለግማሹ ሰው ስምንት ባዶ ሳጥን ያለው ካርድ ሰጡት። ለግማሹ ደግሞ አሥር ሳጥን ያለው፣ ግን ሁለቱ ቀድመው የተመቱ። ሁለቱም ስምንት እጥበት ነው የቀራቸው። ባዶውን ከያዙት 19 በመቶው ሞላ፣ ከተመታው 34 በመቶው። ሰው የጀመረውን መጨረስ ይወዳል። እኛም 11 ሳጥን አሳትመን ሁለቱን በመጀመሪያው ቀን ብንመታ ወጪው አይጨምርም። ግን ልብ በሉ፣ ታማኙም ቶሎ ይሞላል፣ ስለዚህ ይህን ዘዴ ለአዲስ ፊት ብቻ ማድረጉ ይሻላል።

ስለ ማህተሙ ደግሞ፣ ተመሳሳዩን ማስቀረጽ ቀላል ነው። ቆራጩም ለጓደኛው በአንድ ጊዜ ሦስት ሊመታ ይችላል። ማህተሙ ለደንበኛው ማስታወሻ ይሁን፣ እውነቱ ያለው ግን ደብተር ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ቁርጥ አንድ መስመር፦ ቀን፣ የስልኩ መጨረሻ አራት ቁጥር፣ የቆራጩ ስም፣ የተከፈለ ብር። ካርድ የጠፋበትም ከደብተሩ ይታይለታል፣ ክርክር የለም።

በሴቶች ሳሎን ግን በጉብኝት መቁጠር አይሠራም። ቅንድብ ለመቀንደብ የመጣችና ሹሩባ ለመሠራት ግማሽ ቀን የተቀመጠች እኩል ማህተም ካገኙ ካርዱ በቅንድብ ይሞላና ነፃው ሹሩባ ላይ ያርፋል። እዚያ የሚቆጠረው ብር ነው፣ ነፃውም አንድ የታወቀ ነገር ይሁን፣ ለምሳሌ መታጠብና ካስክ።

ያዋጣል ወይ የሚለውን ብዙ ሰው በዓይኑ ነው የሚያየው። "ካርድ ካወጣሁ ወዲህ ሰው በዛ" ይላል። መቼ አወጣህ? ጳጉሜን ላይ። አይ፣ ለእንቁጣጣሽማ ያለ ካርድም ሰው ይበዛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ሠርግ የለም፣ የሴቶች ሳሎን ይቀዘቅዛል፣ የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ በሩ ይጨናነቃል። ክረምት ሲገባ ተማሪው አገሩ ይሄዳል። በዚህ መካከል ወርን ከወር ማወዳደር ምንም አይነግርም።

ቀላሉ መንገድ ካርዱ ሲሰጥ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። "ባለፈው የት ነበር የተቆረጥከው?" እዚህ ካለ ካርዱ ጥግ ላይና ደብተሩ ላይ "እ"፣ ሌላ ቦታ ካለ "ሌ"። ሰው ላለማስቀየም "እዚሁ" ሊል ስለሚችል፣ ካርድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት፣ ወሬ እያወራችሁ። ደግሞ "ሌ" ያለው ሁሉ በካርዱ የመጣ አይደለም፣ ከተማ የገባ አዲስ ተማሪ የፊተኛው ቦታውን ትቶ እናንተን መርጦ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ግማሽ በግማሽ ከሆነ አልደሰትም የምለው።

የዚያችን ሁለት ወንበር ቤት ስምንት ወር እንቁጠርላት። 40 ካርድ አሳተመች፣ አንዱ በ5 ብር፣ 200 ብር። 22ቱ ሞሉ። 13ቱ "እ"፣ 9ኙ "ሌ"። ከ"እ" 1,950 ብር ጠፋ፣ ከ"ሌ" 1,350 ተገኘ። 600 ብር ጉድለት። እዚህ ላይ ቆሞ "አከሰረ" ማለት ግን ስህተት ነው፣ ያልሞሉት 18 ካርዶች ይቀራሉና። ከነሱ 10ሩ "እ" ናቸው፣ ያለ ካርድም ይመጡ ነበር፣ ዜሮ። 8ቱ "ሌ" ግን በአማካይ አራት አራት ጊዜ መጥተዋል። እንደ ልማዳቸው ቢሆን ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር ካልን፣ 16 ተጨማሪ ቁርጥ፣ 960 ብር፣ ነፃም አልወሰዱ። ከጉድለቱና ከማሳተሚያው በኋላ 160 ብር ተረፈ። በስምንት ወር!

ከዚያ ደብተሩ ላይ ቀኖቹ ታዩ። ከ22ቱ ነፃ ቁርጦች 7ቱ ቅዳሜና ዋዜማ ላይ ነበሩ፣ ወረፋ አይቶ የተመለሰ ሰው በነበረበት ሰዓት። 420 ብር። 160 ትርፉ ወደ 260 ኪሳራ ዞረ።

በሁለተኛው ህትመት ምን ይደረግ ብትሉኝ፣ የማደርገው ይህን ነው። ነፃው ቁርጥ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ፣ የሚሰጠውም ለ"ሌ"ዎቹ። ለ13ቱ ታማኞች ደግሞ ሌላ ካርድ፣ ሳጥን የሌለው። ጀርባዋ ላይ ስልክ ቁጥር አለ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ደውለው ሰዓት ያስይዛሉ። ያን ቀን ጠዋት ከበር ውጪ በብርዱ ቆሞ ወረፋ የጠበቀ ሰው ከነፃ ቁርጥና ከዚህ የቱን እንደሚመርጥ ጠይቁት።